«ሲመችዎት» መቼ ነው? ስለ ቆየ ደንበኛና ስላለፈበት ክፍያ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉ ያለው ባጭሩ ይሄን ነው፣ በራሱ በጸሐፊው ቃል፦

«አንደኛ፣ ለቆየ ደንበኛ ቀን ቆርጦ መጻፍ ክብሩን መንካት ነው፤ 'ሲመችዎት' ማለት ይበቃል፣ ሰውየው እዳውን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ በለስላሳው ተጽፎለት ያልከፈለ ካለ በአራተኛው ቆጣ ብሎ ወደ ሕግ እንሄዳለን ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አድልዎ እንዳይባል ለሁሉም አንድ አይነት ደብዳቤ ይላክ። አራተኛ፣ ደብዳቤው በቀጥታ ለባለቤቱ ይሂድ፣ ብሩ የሱ ነውና።»

ጽሑፉን ኮምቦልቻ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዱ አለቃዬ ነው፣ «ይኸው አንተ ምትጨቀጭቀንን ነገር ሰውየው ጥሩ አርጎ መልሶልሃል» ብሎ፣ ስለዚ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የግንባታ እቃ በጅምላ ሚያከፋፍል ቤት ውስጥ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ 11 ዓመት ሆነኝ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ፌሮ፣ ቀለም ምናምን ነው ምንሸጠው፣ ደንበኞቻችን ከከሚሴ እስከ ወልድያ፣ በዚህ በኩል ደግሞ እስከ ባቲ ናቸው፣ ግማሾቹ እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ በዱቤ ሚወስዱ ናቸው። ያለፈበት ክፍያ ሲኖር ማስታወሻውን ምጽፈው እኔ ነኝ፣ ስድቡንም ምቀበለው እኔ ነኝ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ፣ ብዙ ማወራውም እዚህ ላይ ነው።

ባቲ አንድ ደንበኛ አሉን፣ ስማቸውን መጥቀስ ስለማይገባ ሐጂ ልበላቸው። ቆርቆሮና ሚስማር ነው ሚወስዱት፣ ካለቃዬ ጋር ከአስር ዓመት በላይ ሰርተዋል፣ ቡና ያጠጡሃል፣ ልጅህን በስም ይጠይቁሃል። 2016 ላይ እዳቸው ሲያልፍ እኔም ልክ ጽሑፉ እንደሚለው ነበር ማደርገው። «ሰላም ሐጂ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ይቅርታ እናስቸግርዎታለን፣ ያቺን ነገር ሲመችዎት ብታዩልን» ብዬ እልካለሁ፣ «አብሽር፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ፣ ከዛ ዝም። በሁለት ሳምንቱ ደግሜ እልካለሁ፣ አብሽር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ከምናምን ሄደ። በኋላ ራሴ ባቲ ወርጄ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ፣ በረካው ላይ ስንደርስ ነው ያለችኝን ድፍረት አውጥቼ የጠየቅኳቸው፣ ሐጂ ምነው ዘገየ አልኳቸው። ሳቁና «ልጄ፣ ሲመችዎት አልከኝ፣ አልተመቸኝም ነበራ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ሰውየው ግን የምራቸውን ነው። አምስት ቦታ እዳ አለባቸው፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ ሰኞ ማታ ሳጥኑን ይቆጥራሉ፣ ከዛ ለማን ልክፈል ብለው ሲያስቡ አንዱ «እስከ ማክሰኞ» ብሏል፣ አንዱ «እስከ ሐሙስ» ብሏል፣ እኛ «ሲመችዎት» ብለናል። እኛን መጨረሻ ላይ ያስቀመጡን ንቀውን አደለም፣ እንደውም በተቃራኒው፣ ስለምንዋደድ እንደምንጠብቅ እኛው ራሳችን ነግረናቸዋል።

ጽሑፉ ላይ የተሳተው ይሄ ነው። እጥረት ያለበት ነጋዴ እዳውን ሚያሰልፈው በመጠኑ ወይ በዝምድናው አደለም፣ ቀን ያለው ከፊት፣ ቀን የሌለው ከኋላ ነው። «እዳውን ያውቃል» የሚለው እውነት ነው፣ ያውቃል፣ ማያውቀው መቼ እንደምትፈልገው ነው። ደግሞ ክብር ይነካል የተባለው ቀን እኮ ከየትም የመጣ አደለም፣ እቃውን ሲወስዱ ሰላሳ ቀን ብለው የፈረሙበት ነው፣ የራሳቸው ቀን ነው። (በነገራችን ላይ በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ ሰላሳ ስለሆነ የሰላሳ ቀን ዱቤ ሚያልቀው በሚቀጥለው ወር በዛው ቀን ነው፣ ጥቅምት 8 የወሰደ ኅዳር 8 ይከፍላል፣ ጳጉሜ ካልገባች በቀር ጣት መቁጠር አያስፈልግም፣ ይሄን ጸጋ ምንጠቀምበት ጥቂት ነን።)

በሚቀጥለው ዓመት እዛው ሐጂ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። ታህሳስ 10 ቀን 2017 ደብተሩን ሳይ ሦስት ደረሰኝ ክፍት ነው። ቁጥር 1187፣ 164,500 ብር፣ ጥቅምት 8 የተቆረጠ፣ ኅዳር 8 መከፈል የነበረበት። ቁጥር 1203፣ 92,000 ብር፣ ኅዳር 2 የተቆረጠ፣ ታህሳስ 2 ያለፈው። ቁጥር 1219 ደግሞ 120,750 ብር፣ ኅዳር 25 የተቆረጠ፣ ገና ታህሳስ 25 ነው ሚደርሰው። አለቃዬ «ሦስቱንም ደምረህ ላክ፣ 377,250 ብለህ፣ ይደንግጡ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ያልደረሰውን ካለፈው ጋር ደምረህ ከጠየቅክ ሰውየው መጀመሪያ ሚያየው ስህተትህን ነው፣ «ይሄኛው መቼ ደረሰ» ይልሃል፣ ወሬው ሁሉ ወደዛ ይሄድና የእውነት ያለፉት ሁለቱ ይረሳሉ። የላኩት ይሄን ነው፦

«ሰላም ሐጂ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ደህና? የክፍያ ቀናቸው ያለፈ ሁለት ደረሰኞች አልተከፈሉም። ቁጥር 1187፣ ብር 164,500፣ ቀኑ ኅዳር 8 የነበረ። ቁጥር 1203፣ ብር 92,000፣ ቀኑ ታህሳስ 2 የነበረ። ድምር ብር 256,500። እስከ ረቡዕ ታህሳስ 16 ቀን 10 ሰዓት ሂሳባችን እንዲገባ እንጠይቃለን። ያልተስማሙበት ነገር ካለ ወይም በሁለት ጊዜ መክፈል ካስፈለገ እስከ ቅዳሜ ታህሳስ 12 ይንገሩን።»

በቃ ይሄው ነው። ምንም ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ግን እያንዳንዷ ቃል ላይ ተጨቃጭቀንባታል፣ አንድ ሁለቱን ልንገራችሁ።

«አልከፈሉም» አላልኩም፣ «ደረሰኞች አልተከፈሉም» ነው ያልኩት። አማርኛችን ይሄን ነገር በነጻ ነው የሰጠን፣ ጥፋተኛው ወረቀቱ ይሆናል እንጂ ሰውየው አይሆንም። «እርስዎ እስካሁን አልከፈሉም» ብትላቸው ግን አንቱ ብለህም ሰድበሃል። በተቃራኒው ደግሞ መጠየቂያው ላይ ተደራጊ ግስ አትጠቀም፣ «ይከፈላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን» ስትል ማን ነው ሚከፍለው? ማን ነው ተስፋ ሚያደርገው? እዛ ላይ «እንጠይቃለን» ነው፣ ጠያቂው ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል። ስለዚ ያለፈውን ስታወራ ሰውየውን ደብቀው፣ ሚመጣውን ስታወራ አትደብቀው።

«ይቅርታ እናስቸግርዎታለን» የሚለውን አወጣሁት። አለቃዬ «ይሄማ ባህላችን ነው» አለ፣ እኔ ግን የሸጥኩትን እቃ ዋጋ ስጠይቅ ይቅርታ ካልኩ ብድር ልጠይቅ የሄድኩ ነው ሚመስለው፣ ያኔ መስጠት የሰውየው ደግነት ሆነ ማለት ነው፣ ደግነት ደግሞ ቀን የለውም። አክብሮቱ ሰላምታው ላይና አንቱታው ላይ ይቀመጥ፣ እዛ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል አብዙት፣ ቀኑ ላይ አታስቀምጡት ነው ምለው።

ረቡዕ ያልኩት ደግሞ ዝም ብዬ አደለም። ገበያው ሰኞ ነው፣ ታህሳስ 14፣ ሰኞ የሸጡት ማክሰኞ ባንክ ይገባል፣ ረቡዕ እኔ ጋ ይደርሳል። አርብ ብል ኖሮ እስከ አርብ ሌላ አበዳሪ ይቀድመኛል፣ እሁድ ብል ደግሞ ባንክ ዝግ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ለሌላ የባቲ ደንበኛ «እስከ ሰኞ ጠዋት» ብሎ ላከ፣ ገበያው ሳይጀመር ማለት ነው፣ ሰውየው ስልክ ደውሎ «ወንድሜ፣ ሌሊት ልሽጥልህ?» አለው። ቀን ግልጽ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ሰውየው እጁ ላይ ብር ሚኖርበት ቀን መሆን አለበት፣ ያኔ ነው ጠንካራ ቃል ሚሸከመው።

የቀኑ አጻጻፍ ላይም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁ። 10/4/2017 ብለህ ከጻፍክ ለኔ ታህሳስ 10 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሰራ ሰው ደግሞ ኤፕሪል 10 ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ በፈረንጅ ሚቆጥር ድርጅትም ደንበኛ ይሆናል፣ የኛው አገር ሰው ሆኖም ሶፍትዌሩ በፈረንጅ የሆነ አለ። ስለዚ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ የሳምንቱ ቀን ይጨመር፣ ለነሱ ደግሞ የሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። «በዚህ ሳምንት መጨረሻ»፣ «በወሩ መግቢያ» ምናምን ቀን አደለም።

ምን ሆነ ካላችሁ፣ ሐጂ አርብ ደወሉ። «የመጀመሪያዋን እከፍላለሁ፣ ሁለተኛዋን ጥር መግቢያ አርግልኝ በለው ለአለቃህ» አሉ። እሺ አልኩና እዛው ስልኩን ስዘጋ ጻፍኩላቸው፣ «በስልክ እንደተነጋገርነው 164,500 ብር እስከ ረቡዕ ታህሳስ 16፣ 92,000 ብር ሐሙስ ጥር 1» ብዬ። ይሄ ጽሑፍ ቅድም ከላኩት ይበልጣል ባይ ነኝ፣ አሁን ቀኑን ያወጡት እሳቸው ናቸውና። 164,500 ማክሰኞ ገባ፣ 92,000 አርብ ጥር 2 ገባ፣ አንድ ቀን አልፎ፣ ምንም አላልኩም፣ አንድ ቀን ላይ መነታረክ ሂሳብ ሰራተኛነት ሳይሆን በሽታ ነው። 1219 ግን 18 ቀን ዘግይታ ጥር 13 ነው የገባችው፣ እሷም ቀኗ ሳያልፍ ታህሳስ 22 ላይ አጭር ማስታወሻ ተልኮላት ነው፣ ማለቴ ተአምር አደለም፣ ግን ከሁለት ወር ወደ አስራ ስምንት ቀን ወርዷል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሰዎች ሚረሱት፣ ዱቤው ሲዘገይ ሻጩ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ከኪሱ ይከፍላል። 164,500 ውስጥ 15 ፐርሰንት ቫት አለበት፣ ስታወጣው 21,456 ብር ገደማ ነው። ደረሰኙ የተቆረጠው ጥቅምት ስለሆነ የጥቅምት ሂሳብ ላይ ይገለጻል፣ ኅዳር ውስጥ ይከፈላል፣ ሐጂ ከፈሉም አልከፈሉም። ታህሳስ 10 ላይ ማስታወሻውን ስጽፍ ያን ቫት እኛ ገቢዎች ጋ ከፍለን ጨርሰናል። ይሄን ለደንበኛ አልጽፍም፣ ልቅሶ ይመስላል፣ ግን «ቀን መቁረጥ ጭካኔ ነው» ለሚለኝ ሰው እነግረዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደግሞ ራሴ ምስክር ሆኜ ነው ምናገረው፣ ምክንያቱም በትክክል እንደዛ አድርገን አይተነዋል። ደሴ ላይ አንድ ኮንትራክተር ነበረን፣ የስምንት ዓመት ደንበኛ። ሦስት ጊዜ ለስላሳ፣ ሁሉም ቀን የሌለው። ከዛ አንድ ቀን አለቃዬ ከቤት ተናዶ መጣ መሰለኝ፣ «በሦስት ቀን ውስጥ ካልከፈሉ በሕግ እንጠይቃለን» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በልጅ አስላከ። ሦስት ቀን አለፈ፣ ምንም አላደረግንም። ሳምንት አለፈ፣ ጠበቃም አልቀጠርንም። ሰውየው ሁለት ነገር አወቀ፣ አንድ፣ ለስላሳ ስንሆን ቀን የለንም፣ ሁለት፣ ስንቆጣ ቀን አለን ግን ውሸት ነው። ስልክ ማንሳት አቆመ፣ እቃውንም ከሌላ ቦታ መውሰድ ጀመረ፣ ብሩ በስድስት ወሩ በሽማግሌ ነው የመጣው።

ችግሩ ቁጣው አደለም፣ ዝላዩ ነው። ከ«ሲመችዎት» ወደ «ፍርድ ቤት» መሃል ላይ ምንም ደረጃ የለም። ጥንካሬ በቃላት ክብደት ከመጣ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለህ፣ ልመናና ዛቻ። በሚሆነው ነገር ከመጣ ግን ደረጃ ማውጣት ይቻላል። አሁን ምናደርገው እንዲህ ነው። ቀኑ ባለፈ በሁለት ሦስት ቀን የመጀመሪያው ይሄዳል፣ ላይ እንዳያችሁት፣ ሰላምታ ያለበት። በዛ ውስጥ የተጻፈው ቀን ሲያልፍ ነገ ተነገ ወዲያ ሳይባል በማግስቱ ሁለተኛው ይሄዳል፣ አጠር ያለ፣ «ረቡዕ ታህሳስ 16 የጠየቅነው አልገባም፣ አዲሱ ቀን ማክሰኞ ታህሳስ 22 ነው» ብሎ። ሦስተኛው ላይ ነው ውጤት ሚጻፈው፣ እሱም እጃችን ላይ ያለ ነገር ብቻ፣ «ይህ እስኪገባ ድረስ ከሐሙስ ታህሳስ 24 ጀምሮ አዲስ ጭነት እጅ በእጅ ብቻ ነው» የሚል። ይሄን ለማድረግ ዳኛ አያስፈልገኝም፣ መጋዘን ጠባቂው ጋ አንድ ወረቀት ብቻ ነው ሚሄደው፣ ሰውየውም እንደማደርገው ያውቃል። ደግሞ ግንኙነቱን አልዘጋሁም፣ በካሽ ይውሰድ፣ ዋጋውም የድሮው ነው። ልብ በሉ፣ ወደታች በወረድን ቁጥር ደብዳቤው እያጠረ ነው ሚሄደው፣ የመጨረሻው ሁለት መስመር ነው። ረጅም የቁጣ ደብዳቤ ያየ ሰው «እነዚህ ገና ብዙ ሚሉት አላቸው» ብሎ ነው ሚያስበው።

ሕግ ስለተነሳ፣ ጠበቃ አደለሁም ግን ሥራዬ ላይ ስለሚገባ አንብቤዋለሁ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ከዛቻ ይልቅ ለቀን ነው ሚያደላው። አንቀጽ 1772 ውሉ አልተፈጸመም ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል። 1773 ላይ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም እንዲፈጸምልህ እንደምትፈልግ በሚያሳይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ እዳው ሳይደርስ ግን አይሰጥም። (ያችን 1219 ከድምሩ ያወጣሁበትን ሌላ ምክንያት አያችሁ።) 1774 ደግሞ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ግን ተገቢ የሆነ ጊዜ ይሁን ነው ሚለው፣ ስለዚ «በ24 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ጀግንነት አደለም። ማስጠንቀቂያ ማያስፈልግበትም ሁኔታ አለ፣ 1775 ላይ፣ ለምሳሌ ውላችሁ ላይ ቀኑ ሲያልፍ ያለማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል ብላችሁ ከተስማማችሁ። አሁን «ሲመችዎት» የሚለውን ቴክስት ይዘህ ስትቀርብ ምን ያህል ማስጠንቀቂያ እንደሆነ አስቡት፣ እሱ እንደውም ለባለዕዳው ማስረጃ ነው ሚሆነው፣ ጊዜ ሰጥተውኛል ይላል።

ወለዱም ሰውን አያስፈራም። ውል ላይ ሌላ ካልተጻፈ የሕጉ ወለድ በዓመት 9 ፐርሰንት ነው፣ አንቀጽ 1751፣ ሚቆጠረውም በ1803 መሰረት እንደዘገየ ከተቆጠረበት ቀን ነው። 164,500 ብር ላይ ስታሰላው በዓመት 14,805፣ በቀን 40 ብር ከምናምን ነው። ለኮንትራክተር በቀን 40 ብር የሁለት ሰው ሻይ ነው። ስለዚ «በሕግ» ብለህ ስትጽፍ ሰውየው እሱን አይፈራም፣ አዲስ ፌሮ በዱቤ ማጣቱን ነው ሚፈራው፣ ሥራው ይቆማላ።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። አድልዎ እንዳይባል የሚለው ሃሳብ ጥሩ ልብ ነው ያለው፣ ግን የዘገየ ሁሉ በአንድ ምክንያት አልዘገየም። የረሳ አለ፣ ያጠረው አለ፣ የተከራከረ አለ። የተከራከረው ጋ ቀን ብትቆርጥበት አይሰማህም። አንዱ የመርሳ ከተማ ደንበኛ 40 ቆርቆሮ ወስዶ 3ቱ ታጥፈው ደረሱኝ ብሎ ሙሉውን ያዘ፣ እኛ ሁለት ጊዜ ማስታወሻ ላክን፣ ስለ 3ቱ ምንም ሳንል። በሦስተኛው ነው የገባን፣ «የ37ቱ እስከ ሐሙስ ይግባ፣ የ3ቱን ሹፌሩ ሲመለስ አይተን እንነጋገራለን» ስንል በማግስቱ ገባ። ማያከራክረውን ከሚያከራክረው ለይተህ ቀኑን ማያከራክረው ላይ ብቻ መትከል ነው።

የመንግሥት ቢሮና ትምህርት ቤትማ ጭራሽ ሌላ ነው። እነሱ ጋ ጠንካራ ቃል ብትጽፍ ማንም አይሰማህም፣ ሰውየው ደሞዝተኛ ነው፣ ብሩ የሱ አደለም፣ ብዙ ጊዜ የዘገየውም እቃው ገብቶ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ስላልተቆረጠ ነው። ስለዚ ለነሱ ምልከው ጥያቄ ነው፣ «ሞዴል 19 ተቆርጧል ወይ፣ ካልተቆረጠ ንብረት ክፍል ማንን እንጠይቅ» ብዬ። ቀናቸውም የኔ ቀን አደለም፣ ሰኔ 30 ነው፣ በጀት ሲዘጋ፣ ግንቦት ላይ ካልተንቀሳቀስክ ሐምሌ ላይ አዲስ ወረፋ ነው። ቃናውና አክብሮቱ ለሁሉም አንድ ይሁን እንጂ ቀኑና ጥያቄው እንደሰውየው ነው ሚለየው።

አራተኛው ላይ ግማሹን እስማማለሁ። ባለቤቱ መስማት አለበት፣ ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ ለሱ መላክ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ሐጂ ቴክስት ራሳቸው አያነቡም፣ ሚያነብላቸው ልጃቸው ነው፣ አንድ ጊዜ የላኩትን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ «አባባ ይናደዳል» ብሎ ዝም አለ። ትልልቆቹ ደንበኞች ጋ ደግሞ ከፋዩ ካሸሯ ወይ አካውንታንቷ ናት፣ የደረሰኝ ቁጥር ካላየች አትንቀሳቀስም፣ ባለቤቱ «ክፈይ» ቢላት እንኳ «የትኛውን» ነው ምትለው። እኛ አሁን ሁለት ከፍለነዋል። የደረሰኝ ቁጥር፣ ብርና ቀን የያዘው ጽሑፍ ለሚከፍለው ሰው በቴሌግራም ይሄዳል። ለባለቤቱ ደግሞ አለቃዬ ራሱ ይደውላል፣ ጤና ይጠይቃል፣ ዝናብ ያወራል፣ መጨረሻ ላይ «ልጆቹ ወረቀት ልከዋል፣ ረቡዕ የሚል ነው፣ ይዩልን» ይላል። የብሩን መጠን በስልክ አይጠራም፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞ ይሆናል፣ ስፒከር ላይ ይሆናል፣ የሰው እዳ በሰው ፊት አይቆጠርም። አክብሮቱ በድምጽ ይሄዳል፣ ቀኑ በጽሑፍ ይሄዳል። ጥሪው ብቻውን ከሆነ ግን ተመልሰን አብሽር ላይ ነን።

ሽማግሌ መላክም የመጣ እንደሆነ፣ እኛ ወሎ ከፍርድ ቤት በፊት እሱ አለ፣ ጥሩም ነው፣ ግን ሽማግሌውንም ባዶ እጁን አትላኩት። የኮንትራክተሩ ጊዜ ሁለት ሽማግሌ ሄደው «ይከፍላል፣ ቃል ገብቷል» ብለው ተመለሱ፣ መቼ ስንላቸው እርስ በርስ ተያዩ። በሁለተኛው ዙር በሦስት ከፍለን ሦስት ቀን ጽፈን ሰጠናቸው፣ ሰውየው ሁለቱን ቀን ተቀብሎ አንዱን በሁለት ሳምንት ገፋው፣ ተፈራረምን፣ እንዳለውም ከፈለ።

ቀን መቁረጥ ማይገባበት አንድ ቦታ አለ፣ ጸሐፊው ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው። ሲስተሙ ቀኑ ደርሷል ብሎኝ ማስታወሻ ልኬ፣ ማታ ላይ ሰውየው እናቱን ቀብሮ መምጣቱን የሰማሁበት ጊዜ አለ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። አሁን ከመላኬ በፊት ያካባቢውን ሹፌር እጠይቃለሁ።

ሐጂን በቀደም ባቲ ሄጄ አግኝቻቸው ነበር። እሳቸውም ዱቤ ይሰጣሉ፣ ገጠር ላሉ ቤት ሰሪዎች፣ «ያችን ምትጽፍልኝን ወረቀት ለኔም ጻፍልኝ፣ ለነዚህ ልስደድላቸው» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ስም፣ ብር፣ ቀን፣ ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እስከ ማክሰኞ» የሚለውን ወደዱት፣ «10 ሰዓት» የሚለው ላይ ግን እጃቸውን አወዛወዙ፣ «ሰዓቷን አውጣት ልጄ፣ ፖሊስ የጠራኝ ነው ሚመስለው፣ አንተ ስትልክልኝም እሷ ላይ ነው ምናደደው» አሉኝ። አወጣኋት፣ ከኔም ማስታወሻ ላይ አውጥቻታለሁ።